ከአሞራ ገደል ላይቭ ስትገቡ የማይደገሙ ስህተቶች

እህቴ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። እሁድ ጠዋት ቆሮሶ እንዴት እንደሚገፈፍ በዩቲዩብ ላይቭ ታሳያለች፤ ቀረጻውና ከቪዲዮው አጫጭር ቁራጭ ማውጣቱ የእኔ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉ ሠርተናቸዋል።

የመጀመሪያው ኢንተርኔቱን ቤት ለክቶ መውጣት ነው። የሚለካው ላይቩ በሚካሄድበት ቦታና ሰዓት ነው፤ ገበያው ሲሞላ ኔትወርኩም ይጨናነቃል። መታየት ያለበት ቁጥር ደግሞ የማውረጃው ሳይሆን የመጫኛው ፍጥነት ነው። ለ720p ምስል በሰከንድ 4 ሜጋቢት ያህል ስለሚያስፈልግና ትርፍም መያዝ ስላለበት፣ መለኪያው 6 ካላሳየ ወደ 480p ብንወርድ ይሻላል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይችላል፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ግን ያባርረዋል። በቻናላችሁ ላይቭ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ክፈቱት።

ብዙ ያስከፈለን ግን ቻቱን ለማጣሪያው ብቻ መተው ነው። "ኦንላይን ሥራ" እያሉ ሰው የሚያጭበረብሩ ሲበዙ ሐረጉን Blocked words በሚባለው የዩቲዩብ የታገዱ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገባን። በማግስቱ "ኦንላይን ስራ" ብለው መጡ፤ ቀጥሎ በላቲን ፊደል online sira። ለእኛ አንድ የሆኑት ሠ እና ሰ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል። "ሥራ" የሚለውን ብቻውን ማስገባትም ሌላ ጥፋት ነው፤ "ሥራ ስንት ሰዓት ትጀምራላችሁ?" ያለውን ደንበኛም ያግዳል። ቃላችን ከፊትም ከኋላም ስለሚቀጠልበት ዝርዝሩ መቼም አይሞላም፤ ሰው የግድ ነው። እህቴ እጇ ቅርፊት ስለሆነ ስልክ መንካት አትችልም። አሁን የአክስታችን ልጅ ሌላ ስልክ ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። የሚሰረዘው ምን እንደሆነና የሚታገደው ማን እንደሆነ ሳንጀምር እንስማማለን።

ይኸው ልጅ ሦስተኛውን ስህተትም አስቀርቶልናል። ድሮ ላይቩ ካለቀ በኋላ ቁራጭ ፍለጋ ሙሉውን ቪዲዮ ደግሜ አይ ነበር። አሁን ጥሩ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እሱ ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። ባለፈው እሁድ 2:05 ጀመርን፤ 2:39 ላይ አንዲት እናት "ትኩስ ዓሣ በምን ይለያል?" ብለው ጠየቁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ 34ኛው ደቂቃ ሄድኩ። ቁራጩን "እናቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው" ከሚለው አልጀመርኩም። እህቴ በዓሣው ጭንቅላት ጎን ያለውን ክዳን ገልጣ ደማቅ ቀዩን ካሳየችበት ጀምሬ፣ "ቡናማ ከሆነ አትግዙ" እስካለችበት ቆረጥኩት፤ 40 ሰከንድ ሆነ።

አንድ ነገር ግን አመለጠኝ። ስልኩን አግድም ይዤ ስለቀረጽኩ፣ ለሾርትስ ወደ ቁም ሲቆረጥ ከምስሉ ስፋት የቀረው መካከለኛው ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ቢላዋው ከዳር ወጥቶ ቀረ። አሁን መክተፊያው የሚቀመጥበትን ቦታ ጠረጴዛው መሃል ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ።