ራስ ቆዳ ሲላጥ፦ ፎረፎር ነው ወይስ ፀሐይ?

ማታ ትራስ ሲነካው አናት ይቆጠቁጣል፤ በነጋታው ማበጠሪያ አያስጠጋም። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይላጣል። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያስተውለው በዚህ ጊዜ ስለሆነ «ፎረፎር ያዘኝ» ብሎ ሻምፑ ይገዛል።

አጎቴም እንዲሁ አደረጉ። በጥር ወር ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ቀብር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከረፋዱ 4 እስከ 7 ሰዓት ቆሙ። ነፋሱ ጋቢ የሚያስደርብ ነበር፤ ፀሐይዋን ማን ልብ ይላታል? በሳምንቱ የፎረፎር ሻምፑ አናታቸውን ሲያቃጥላቸው አሳዩኝ። የተላጠው መላጣው ብቻ ነው፤ ፀጉሩ ከሚጀምርበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጆሯቸው ጫፍም ተልጧል።

መለያው ይኸው ነው። ፎረፎር ያሳክካል፣ ፀጉር ያለበትንም አይምርም፤ የፀሐይ ቃጠሎ ግን መጀመሪያ ያማል፣ ፀሐይ ያገኘችውን ቦታ ብቻ ይይዛል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ በመስመሮቹ መካከል ያማታል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ዳብሱት፤ የተቃጠለው ይሞቃል፣ ይወጠራል።

አጎቴ በዚያ ብርድ የተቃጠሉበት ምክንያት ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ጨረሩን አይቀንስም፣ እንዳይሰማን ያደርጋል እንጂ።

ለተቃጠለ አናት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በቀን ደጋግመው ያኑሩ፤ በረዶ አይሆንም። ሽታ የሌለው የቆዳ ማለስለሻ ይቀቡ። ቅቤ ለጤነኛ ፀጉር ወግ ነው፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ግን ሙቀቱን ያፍናል። የሚላጠውን አይንቀሉ፣ እስኪድን ድረስም ምላጭ አያስነኩ። ውኃ የቋጠረ ሰፊ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ለመላጣም ሆነ ለአጭር ፀጉር ቀዳሚው መከላከያ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ ነው። ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ያጋልጣል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ብርሃን በቀዳዳው ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ነጠላ ለብቻው የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ቢታጠፍ ይሻላል።

ባርኔጣ በሚወልቅበት ቦታ፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፤ ለራስ፣ ለፊትና ለአንገት በጠቅላላ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ያስፈልጋል። በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ፀጉር ላላቸው ቅባቱ ስለሚያጣብቅ የፀጉር መክፈያ መስመርን ቦታ መቀያየር ወይም በሻሽ መሸፈን ይቀላል። አዲስ የተላጨ ራስ ፀሐይ ስላልለመደ ፈጥኖ ይቃጠላል፤ ለሐዘን የተላጩ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

አጎቴ አሁን ቀብር ሲሄዱ ዣንጥላ ይይዛሉ። እኔ ግን አናታቸውን አልፎ አልፎ እዳብሳለሁ፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ በአንድ ወር ውስጥ የማይድን ቦታ ካገኘሁ ወደ ቆዳ ሐኪም እወስዳቸዋለሁ።