ከ20 ኢሜይል 6 መልስ፣ ከ300 ሁለት

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አምና ለጥምቀት እንግዳ ፍለጋ ለ20 የውጭ የጉዞ ድርጅቶች አንድ በአንድ ጻፍኩ። 6 መለሱ። ዘንድሮ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ቴምፕሌት ስሙን ብቻ እየቀያየረ ለ300 እንዲልክ አደረግሁ። ሁለት መለሱ። አንዱ «ሁለተኛ እንዳትልክልኝ» ነው ያለው።

የተላኩትን ከፍቼ ሳይ አፈርኩ። ስማቸውን ያልሞላሁላቸው «Dear ,» የሚል ደርሷቸዋል። ወፍ ለማየት ብቻ ሰው የሚያመጣው ድርጅት ስለ ታቦት አጀብ ተነግሮታል። ለእሱ ስለ ስሜን ተራሮች ነበር መጻፍ። የባሰው ግን የድሮ ደንበኛዬ ጋ ስደውል የመጣው ነው፦ ከዚያ በኋላ በእጄ የጻፍኩለትም ስፓም ውስጥ ተገኘ።

አሁን ዋጋው፣ የመኪናውና የሆቴሉ ዝርዝር ከቴምፕሌት ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን የጉዞ ፕሮግራማቸውን አንብቤ ራሴ እጽፋለሁ። ለአንዱ እንዲህ አልኩት፦ «ጎንደር የምትገቡት ጥር 11 ጠዋት ነው። ከተራ ጥር 10 ነው፤ አንድ ቀን ብትቀድሙ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱም ታያላችሁ።» በማግስቱ መለሰ።

በቀን ከ10 አላልፍም። 15 ስሞክር መጨረሻ ላይ የእጅ ጽሑፌ ራሱ «ድረ ገጻችሁን ወድጄዋለሁ» ማለት ጀመረ። ያ በእጅ የተተየበ ቴምፕሌት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለሌላ ድርጅትም የሚሆን ከሆነ አልልከውም።

እስካሁን ከ40 ዘጠኝ መልሰውልኛል። ስፓሙ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።