ካሬላና ቀረፋ ከስኳር ኪኒን ጋር፦ ስኳር ወርዶ እንዳይጥልዎት እንዴት እንደሚጠነቀቁ

አክስቴ ጠዋት ጠዋት ግሊበንክላማይድ የምትውጥ የስኳር ታማሚ ናት። ዱባይ ያለች ልጇ የካሬላ ዱቄት ላከችላት። ካሬላ ህንዶች ወጥ የሚሠሩበት፣ ቆዳው ጎርበጥባጣ፣ በጣም መራራ አትክልት ነው። አክስቴ ዱቄቱን በጥብጣ ጠጣች፣ ኪኒኗን ዋጠች፣ ጾም ነበርና እህል ሳትቀምስ ቆየች። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነጠላዋ በላብ ርሶ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ የልጇ ስም ጠፍቶባት አገኘናት። ስትለካ 48።

ካሬላው ብቻውን ነው ያደረገው ማለት አልችልም። ኪኒኑ ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጭ እያለ ይገፋል፤ ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም። በዚያ ላይ ባዶ ሆድና ሌላ ስኳር ቀናሽ ሲደረቡ መውረጃው ይፈጥናል።

መጀመሪያ የመድኃኒትዎን ስም ያንብቡ። ኢንሱሊን፣ ግሊበንክላማይድ ወይም ግሊመፒራይድ ከሆነ አደጋው እውነተኛ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳር ከልክ በታች የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው።

ቀጥሎ መጠኑን ያስቡ። ሻይ ላይ ጣል የምናደርጋት ቀረፋ አታስፈራም። በማንኪያ የሚዋጥ የቀረፋ ዱቄት፣ ካፕሱል፣ የካሬላ ጭማቂ፣ በየማለዳው የሚጠጣ የአብሽ ውሃ ግን ሌላ ነው። እነዚህን ከመጀመርዎ በፊት እሽጉን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ። የኪኒኑን መጠን የሚቀንሰው እሱ ነው፤ በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ሐኪሙ ከፈቀደ እየለኩ ይጀምሩ። በጾም ቀን አይጀምሩ። አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ፣ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ማታ ሲተኙ ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ ወደ 70 እየተጠጋ ከመጣ ዱቄቱን ትተው ለሐኪምዎ ይደውሉ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር የሌለበት ዓይነት ግን አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ካልወጣ ይድገሙት፤ ከወጣ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ። ጾም ቢሆንም ይብሉ። የልብ ወይም የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ አንዳንዶቹ መንቀጥቀጡን ስለሚሸፍኑት ላብዎን ልብ ይበሉ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ተመለሰ ብላችሁ አትተዉት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ እስከ ማግስቱ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። አክስቴን ስኳር አጠጥተናት 110 ደርሳ ነበር። ሆስፒታል አሳደሯት፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዳግም ወረደባትና ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት።