ነዳጅ ጫኝ ናት ወይስ ስንዴ? መሃሏን እዩ

የመርከብ ፎቶ ስታዩ ቀለሙን እርሱት። ቀይም ጥቁርም ሁለቱም ይቀባሉ። ነዳጅ ጫኟም ብትን ጭነት የምታመላልሰውም ረጃጅም ናቸው፣ የሁለቱም መኖሪያና ማዘዣ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው። ከሩቅ መንታ ይመስላሉ።

ልዩነቱ ያለው ላይኛው ወለል ላይ ነው። ስንዴና ማዳበሪያ በብትን የምታመጣዋ መርከብ ጭነቷ በግራብ፣ ማለትም በትልቅ የብረት መንጋጋ፣ ከላይ ይዛቃል። ስለዚህ ወለሏ ላይ ሰፋፊ የብረት ክዳኖች ተደርድረዋል። ነዳጅ ግን በቧንቧ ነው የሚገባውም የሚወጣውም። ነዳጅ ጫኟ ትልልቅ ክዳን ምን ያደርግላታል? ወለሏ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ቧንቧ ነው የምታዩት።

ፎቶው ከጎን ተነስቶ ወለሉ ካልታየስ? ክሬን ቁጠሩ። መካከለኛዋ ብትን ጫኝ ብዙ ጊዜ አምስት ክዳንና በመካከላቸው አራት ትልልቅ ክሬኖች አሏት። ነዳጅ ጫኟ ላይ ልክ ወገቧ አካባቢ አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ክሬን ብቻ ይታያል። ሥራው የወደቡን ጎማ ቱቦ አንስቶ ከመርከቧ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በጣም ግዙፎቹ ብትን ጫኞች ክሬን የላቸውም፣ የወደቡን ነው የሚጠቀሙት። ያኔ ፎቶውን አጉሉትና የወለሉን ጠርዝ ተከተሉ። በእኩል ርቀት ከፍ ዝቅ የሚል ሳጥን መሳይ ነገር ካያችሁ ክዳኖቹ ናቸው።