የካልሲ ጣት ሲገጠም የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ብዙ የለፋችበትን ካልሲ ይዛ መጣችና "ጫፉ ለምን እንደ ጠባሳ አበጠ?" አለችኝ። ካልሲውን ሳልገለብጠው መልሱን አውቄዋለሁ፤ በየቀለበቱ ክሩን እየጎተተች አጥብቃዋለች።

ይህን ማየት ሰልችቶኛል። ሰው መርፌ ሲይዝ ቀዳዳ የሚሰፋ ይመስለዋል። ይህ ግን ስፌት አይደለም፤ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ በቀሩት ቀለበቶች መካከል በመርፌ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ የሹራብ ረድፍ ነው። የማይታወቀውም ቀለበቶቹ ከላይና ከታች ካሉት ጋር መጠናቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩን ልል አድርጋችሁ ሂዱ። አምስት ስድስት ቀለበት ሲያልቅ ወደ መነሻው ተመለሱና በመርፌው ጫፍ ክሩን በሄደበት ቅደም ተከተል ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ ትርፉ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ መጨረሻው ላይ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያውን ካልሲ ለአባቴ ስሠራ አጥብቄው ነበር። ግማሽ ቀን አድርጎት ዋለና "ልጄ፣ ካልሲው ግሩም ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ግን ጠጠር ሳይገባ አልቀረም" አለኝ።

ሁለተኛው ስህተት ቅደም ተከተሉን እንደ ዳዊት መሸምደድ ነው። ስልክ ሲጮህ ይጠፋል። ይልቅ ምክንያቱን ያዙት። የካልሲው ውስጥ ከውስጡ ጋር ፊት ለፊት ሆኖ ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ሲያዙ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጊዜ ክር ያልፍበታል፦ መጀመሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ አልፎበት ሽቦው ላይ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዙር ከውጭ ወደ ውስጥ አልፎበት ይወርዳል። ለመነሻ ከፊተኛው ሽቦ አንድ፣ ከኋለኛው አንድ ቀለበት ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይወጋሉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሽቦ ተራ አንዱን ታወርዳላችሁ፣ ቀጣዩን ታስቀራላችሁ። ሥራ አቋርጣችሁ ስትመለሱ ክሩ የሚወጣው ከኋለኛው ሽቦ የመጀመሪያ ቀለበት ከሆነ ተራው የፊተኛው ነው። በውጭ በኩል አግድም የተኛች ጉብታ ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ በተሳሳተ አቅጣጫ ወግታችኋል።

ክሩ ምንጊዜም ከሽቦዎቹ ጫፍ በታች ይለፍ። በላይ ከዞረ ያልታሰበ ቀለበት ይጨምራል።

በየሽቦው 12 ቀለበት ቢቀር ስፋቱ በቀጭን ክር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የዚያን አራት እጥፍ፣ በተጨማሪም ለመያዣና ለመደበቂያ ጨምራችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ክር ቆጥባ መሐል ላይ ያለቀባትን ሴት ማጽናናት አልችልም።

በአንዱ ሽቦ 12፣ በሌላው 11 ከሆነስ? መርፌውን አስቀምጡና የት እንደቀነሳችሁ ፈልጉ።