«ኢያሱ» የትኛው ኢያሱ? አንድን ንግግር ስንቆራርጥ የምንሳሳታቸው

ጥምቀት ሊገባ ሰሞን፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ አንጋፋ አስጎብኚ ስለ ፋሲል ግቢ 50 ደቂቃ አወሩ። እኔ ቀረጽኩ። ከዚያ አንዷ ንግግር ለቴሌግራም፣ ለቲክቶክ፣ ለፌስቡክና ለዩቲዩብ 11 ቁራጭ ሆነች። ከ11ዱ 4ቱን መልሼ አጥፍቻቸዋለሁ። ያጠፋሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

በሰዓት መቁረጥ

መጀመሪያ ያደረግኩት ቪዲዮውን በየ60 ሰከንዱ መክፈል ነበር። ቶሎ ያልቃል፣ አያደክምም። ችግሩ የታየኝ ከለጠፍኩት በኋላ ነው። አንዱ ቁራጭ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ኢያሱ ሲነግሥ ገና ልጅ ነበር፤ አገሩን የያዘችው እናቱ ናት።»

አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየው ከ8 ደቂቃ በፊት ስለ ዳግማዊ ኢያሱና ስለ እቴጌ ምንትዋብ እንደሚያወሩ ተናግረዋል። ቲክቶክ ላይ ግን ያ 8 ደቂቃ የለም። ሰው ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ወደ አድያም ሰገድ ወሰደው፤ እሱ ደግሞ በ1682 እ.ኤ.አ. የነገሠው ሙሉ ሰው ሆኖ ነው። አስተያየቱ ሁሉ «ታሪክ ሳታውቁ አታውሩ» ሆነ። ተሰዳቢው ሽማግሌው፣ ጥፋተኛው እኔ።

በአማርኛ ይሄ ችግር ይብሳል። «ሠራው»፣ «አፈረሰችው» ስንል ማን እንደሠራ፣ ምን እንደፈረሰ ግሡ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ተናጋሪ ስሙን አንዴ ከጠራ በኋላ አሥር ዓረፍተ ነገር ስም ሳይጠራ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አሁን ንግግሩን መጀመሪያ በጽሑፍ አወርደዋለሁ። የምቆርጠውን የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ንግግሩን ላልሰማ ሰው አነብለታለሁ። «ማነው እሱ?» ካለኝ፣ መነሻውን ወደ ኋላ እስባለሁ። ወደ ኋላ መሳብ የሚያስረዝመው ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው አናት ላይ «ዳግማዊ ኢያሱ፣ 1730–1755 እ.ኤ.አ.» ብዬ እጽፋለሁ። ይበቃል።

እርማቱን ጥሎ መሄድ

ይሄኛው ነው ያሳፈረኝ። 31ኛው ደቂቃ ላይ «የቀዳማዊ ኢያሱን ግንብ በቦምብ የመታው ጣልያን ነው» አሉ። አምልጧቸው ነው። 34ኛው ላይ ራሳቸው አረሙት፦ «ይቅርታ፣ ቅድም ተሳስቻለሁ። ጣልያን ግቢውን ይዞት ነበር እንጂ የመታው እንግሊዝ ነው፣ በ1941 እ.ኤ.አ.።» የእኔ ቁራጭ 32 ላይ አልቋል።

ከሁሉም በላይ የታየው ደግሞ እሱ ነው። በማግስቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ውሸታም አደረግኸኝ እኮ» አሉ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቲክቶክ ላይ አንዴ የወጣን ቪዲዮ በሌላ መተካት አይቻልም፤ አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ ነው። ቴሌግራም ላይ የራሴን አረምኩ፣ ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላለፈው ግን እንደነበረ ይዞራል። አሁን ከመቁረጤ በፊት እስከ ጥያቄና መልሱ ድረስ ሙሉውን እሰማለሁ። ጽሑፉ ላይ «ይቅርታ»፣ «ማለቴ»፣ «ቅድም ያልኩት» የሚሉትን ሁሉ እየፈለግኩ አሰምራለሁ። ኤክሴል ላይም አራት ነገር እይዛለሁ፦ ከስንት ደቂቃ፣ እስከ ስንት፣ ስለ ምን፣ የት የት ወጣ። እርማት ሲመጣ የት የት ማጥፋት እንዳለብኝ አልፈልግም፤ ተጽፏል።

አንዱን ለሁሉም መለጠፍ

ለፌስቡክ የጻፍኩትን 1,600 ፊደል ያለው ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮው ስር ልለጥፍ ስል አልገባም። ፕሪምየም ላልገዛ ሰው ከፎቶና ከቪዲዮ ስር የሚፈቀደው 1,024 ነው። ብቻውን የሚላክ ጽሑፍ ግን እስከ 4,096 ይሄዳል። እኔም መጨረሻውን ቆርጬ ላክሁት፤ የተቆረጠው የጉዳዩ ዋና ፍሬ ነበር። ሁለት መልእክት ማድረግ ወይም አሳጥሮ እንደገና መጻፍ ይሻላል።

ቲክቶክ ቁመቱን ነው የሚፈልገው። በአግድም የተነሳውን የፋሲል ግንብ ዝም ብዬ በቁመት ስቆርጠው ከአራቱ ማማዎች አንዱ ብቻ ቀረ። የአማርኛ ጽሑፉንም ታች አስቀምጬው የአካውንቱ ስምና መግለጫው ሸፈነው። ጽሑፍ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ በኩል ላሉት ምልክቶች ቦታ ትቶ ቢቀመጥ ይነበባል።

«አሁን» የሚለው ቃል

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሰውየው «አሁን ባሕረ ጥምቀቱ በቀሃ ውሃ እየተሞላ ነው» ያሉበትን ቁራጭ የለጠፍኩት የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። መቼ እንደተቀረጸ አልጻፍኩም። አንዱ ከባህር ዳር ለማየት መጥቶ ከደረቁ ገንዳ አጠገብ ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ። ከስሩ «ውሃው የታለ?» ይላል።