የቧንቧ መስመር ከስሌቱ ያነሰ ወይም የበዛ ፈሳሽ ሲይዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሚሊሜትርና ሳንቲሜትር እንዳልተቀላቀሉ፣ በዲያሜትር ቦታ ራዲየስ እንዳልገባ አንባቢው አይቷል ብለን እንጀምር። ቀመሩ ይኸው ነው፦ V በሊትር፣ d የውስጥ ዲያሜትር በሚሊሜትር፣ L ርዝመት በሜትር።

```
V = 0.000785 × d × d × L
```

ምልክት፦ ስሌቱ 29 ሊትር ይላል፣ መስመሩ ግን 13 ሊትር ሲገባበት ሞልቶ ይመልሳል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው። ወደ ቀመሩ የገባው የቧንቧው መጠሪያ ቁጥር እንጂ የውስጥ ዲያሜትሩ አይደለም። ፒፒአር ቧንቧ "25" ሲባል ቁጥሩ የውጭውን ዲያሜትር ነው የሚናገረው። የፒኤን 20 ዓይነቱ ግድግዳ 4.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ግድግዳው ደግሞ በግራም በቀኝም ስላለ ከ25 ላይ ሁለቴ ይቀነሳል። ውስጡ 16.6 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። ዲያሜትሩ በራሱ ስለሚባዛ ልዩነቱ ይገዝፋል፦ በ25 ከተሰላ በሜትር 0.49 ሊትር ይወጣል፣ በ16.6 ሲሰላ ግን 0.216 ሊትር። ከግማሽ በታች ነው።

ግድግዳውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀንሱም አሉ። እነሱ 20.8 አግኝተው በሜትር 0.34 ሊትር ይጽፋሉ። ቁጥሩ ሲታይ እውነት ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም፤ ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ስህተቱ ምን እንደሚያስከትል በአንድ መስመር ላይ እንየው። በፒፒአር 25፣ ፒኤን 20 የተዘረጋ የተዘጋ የማሞቂያ ዙር መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ 60 ሜትር ነው። ፈሳሹ 30 በመቶ ግላይኮል እንዲኖረው ተፈልጓል። ሠራተኛው በ25 አስልቶ 29.4 ሊትር አገኘ፤ የዚህን 30 በመቶ፣ ማለትም 8.8 ሊትር ግላይኮል አስቀድሞ አስገባና ቀሪውን በውሃ ሞላ። መስመሩ በእውነት የሚይዘው 13 ሊትር ስለሆነ ውሃው 4.2 ሊትር ላይ ቆመ። ውስጥ ያለው ድብልቅ 68 በመቶ ግላይኮል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ የወፈረ ፈሳሽ ፓምፑን ያስጨንቃል፣ ፍሰቱ ይደክማል፣ የመስመሩ ጫፍም አይሞቅም። ከዚያ ደህናው ፓምፕ ተበላሽቷል ተብሎ ይቀየራል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

መፍትሄው ሁሉንም መድፋት አይደለም። ለ13 ሊትር የሚያስፈልገው 3.9 ሊትር ግላይኮል ነው። ከድብልቁ 7.2 ሊትር አውጥቶ በዚያው መጠን ውሃ መተካት፣ ፓምፑን አስነስቶ በደንብ ማዋሃድ፣ ከዚያ ናሙና ወስዶ በሪፍራክቶሜትር መለካት ነው። የወጣው ድብልቅ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ አፈር ላይም ፍሳሽ ውስጥም አይደፋ። ኤትሊን ግላይኮል ከሆነ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ይራቅ።

ስህተቱ እንዳይደገም ቧንቧው ላይ የታተመውን ማንበብ ይበቃል። "25 × 4.2" ካለ 25 ሲቀነስ ሁለት ጊዜ 4.2 ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ቁራጭ ተወስዶ በካሊፐር የውስጥ ጥርስ ይለካ። መቁረጫው ጫፉን ወደ ውስጥ ስለሚያጥፈው መጀመሪያ ፍቆ ማጽዳት ግድ ነው፤ ክብነቱ ሊዛነፍ ስለሚችል ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። 16.6 መሆን ያለበት 17.6 ተብሎ ከተነበበ በአንድ ሚሊሜትር ብቻ ውጤቱ 12 በመቶ ይበልጣል። ከጎረቤት መስመር የተወሰደ ቁጥርም አይታመን፦ ያው "25" በፒኤን 10 ሲሆን ግድግዳው 2.3፣ ውስጡ 20.4 ነው፣ በሜትር 0.327 ሊትር ይይዛል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ምልክት፦ ዲያሜትሩ ትክክል ነው፣ ግን አሁንም ያነሰ ይገባል

አየር ታስሯል። ማሞቂያው ጠፍቶ መስመሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የማስፋፊያ ታንኩን ለጊዜው ለዩት፤ ታንኩ ክፍት ከሆነ ውሃውን እየዋጠ ፍተሻውን ያበላሻል። የደህንነት ቫልቩ ግን በፍጹም አይዘጋ። ከዚያ ጥቂት ውሃ ቀስ ብሎ ይጨመር። የተሞላ መስመር ላይ የግፊት መለኪያው ወዲያው ይዘላል፤ አየር ያለበት ላይ ደግሞ እየጎተተ ይወጣል። ቧንቧው ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድባቸው ቦታዎች ላይ አየሩ ይተንፈስ፤ ሲያበቃ ታንኩ ይከፈት። ታንኩን ዘግቶ የሄደ ሰው ማሞቂያው ሲነሳ ግፊቱን መቆጣጠር አይችልም።

ምልክት፦ ኤልቦና ቲ ሲደመሩ ስሌቱ ያብጣል

እዚህ የሚሳሳቱት ሰነድ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። በግፊት ብክነት ሰንጠረዥ ላይ ለኤልቦ የሚሰጠው "አቻ ርዝመት" የፍሰት መቋቋምን የሚገልጽ እንጂ ውስጡ የሚይዘውን ፈሳሽ የሚለካ አይደለም። አንድ ኤልቦ 30 ዲያሜትር ያህል አቻ ርዝመት ቢሰጠው፣ ለእኛ መስመር ግማሽ ሜትር ይሆናል። 20 ኤልቦ ሲኖር 10 ሜትር የሌለ ቧንቧ ተጨመረ፤ ሁለት ሊትር ከምንም ተፈጠረ። በእውነት ግን በአንድ ኤልቦ ውስጥ በሁለቱ ቧንቧዎች ጫፍ መካከል ያለው መንገድ 3 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የሚይዘውም 7 ሚሊሊትር ያህል ነው። 20ውም ተደምረው አንድ ብርጭቆ አይሞሉም።

ስለዚህ ርዝመቱ ከኤልቦ መሃል እስከ ኤልቦ መሃል ይለካ፤ ኤልቦው በዚያው ተቆጥሯል፣ ሌላ አይጨመርም። የቲ ቅርንጫፍም ከዋናው ቧንቧ መሃል ይጀምር። የተቆረጡትን ቁራጮች ርዝመት መደመር ግን አይሠራም፦ እያንዳንዱ ጫፍ ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ባለ 25ው 16 ሚሊሜትር ያህል፣ ጫፎቹም መሃል ላይ ስለማይገናኙ በየፊቲንጉ ክፍተት ይቀራል።

ለብቻቸው መቆጠር ያለባቸው ሆዳቸው ከቧንቧው የሚሰፋው ናቸው፦ የማጣሪያ ቤት፣ ማከፋፈያ፣ አየር መለያ። ለእነዚህ ቀመር አትፈልጉ። አንዱን ጫፍ ደፍናችሁ ውሃ ሙሉበትና ውሃውን በመለኪያ ዕቃ ገልብጡት። አንድ የማጣሪያ ቤት ብቻውን ከኤልቦዎቹ ሁሉ በላይ ሊይዝ ይችላል።

ምልክት፦ ከስሌቱ በላይ ይገባል

መመለሻው መስመር ተረስቷል፣ ወይም ያልተመዘገበ ቅርንጫፍ ተከፍቷል፣ ወይም ፒኤን 20 ተብሎ ፒኤን 10 ተዘርግቷል። ሦስቱም ካልሆኑ ፍሳሽ ይፈለግ።

ምልክት፦ ሲሞቅ ይተርፋል

ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 2.7 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በ13 ሊትር ላይ 0.35 ሊትር ነው፣ ግላይኮል ካለበት ደግሞ ይበልጣል። ይህ የስሌት ስህተት ሳይሆን የማስፋፊያ ታንኩ ሊቀበለው የሚገባ ነው።

ምልክት፦ አሮጌ የብረት ቧንቧ በምንም ቁጥር አይገጥምም

ዝገትና ደለል ውስጡን አጥብበውታል። 20.9 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 17 ከጠበበ የሚይዘው በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ጥበቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። እዚህ ካሊፐርም አይረዳም። መስመሩን አፍስሶ የወጣውን መለካት፣ ወይም በውሃ ቆጣሪ በኩል እየሞሉ ንባቡን መውሰድ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።